በሦስት ጎን መሬት ላይ ክብ አውድማ

ዛሬ ረዘም ያለች ናት፤ ቡና የያዘ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ። ወረቀትና እርሳስ ያለው ደግሞ ከጎኑ ያስቀምጥ፣ መሃል ላይ ያስፈልጋል።

ባለፈው ህዳር አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን አባቱን እያገዘ ያርሳል። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ «ቲቸር፣ ያቺ የውስጥ ክብ ፎርሙላ r = A/s አይደለች?» አለኝ። ናት አልኩት። «እሷንማ ሠራሁ፣ አራት ሜትርም መጣልኝ። አባባ ግን "እሺ፣ ችካሉን የት ልትከለው?" ይለኛል። እሱ ጋ ቆምኩ።»

እውነቴን ነው፣ ጥያቄው ደስ አለኝ። ፈተና ላይ ሬዲየሱን ካወጣህ ማርኩን አገኘህ፣ ነገሩ አለቀ። ማሳ ላይ ግን ሬዲየስ ብቻውን ምንም አያደርግልህም። አራት ሜትር ገመድ ይዘህ መሃሉን ካላወቅክ ገመዱን ከየት ትወጥረዋለህ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ጎብዬ ዙሪያ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ ቅርጿ ሦስት ጎን የሆነች ቁራጭ መሬት ብርቅ አይደለችም። አስፋልቱ በአንድ በኩል ይቆርጣታል፣ የጎርፍ ቦይ በሌላ በኩል ይበላታል፣ በሦስተኛው በኩል የጎረቤት ድንበር አለ። የነሱም እንደዚያው ናት። ለእርሻ የማትመች ስለሆነች አውድማ እናድርጋት ብለዋል። ሦስቱም ጎኖች ግን የማይታለፉ ናቸው። ወደ አስፋልቱ ብታልፍ በሬዎቹ ከአይሱዙ ጋር ይጋጫሉ፣ ወደ ቦዩ ብታልፍ መሬቱ ይናዳል፣ ወደ ጎረቤት ብታልፍ ደግሞ ሽማግሌ ይሰበሰባል። ስለዚህ የፈለጉት በሦስቱ ጎኖች መካከል ሊገባ የሚችለውን ትልቁን ክብ ነው።

አውድማ ለምን ክብ ይሆናል ለምትሉ የከተማ ልጆች፦ በሬዎቹ እየዞሩ ነው የሚያበራዩት። ማዕዘን ካለው ጥጉ ውስጥ የገባው እህል ሳይረገጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ሜዳው ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ የሚዘጋጅ ስለሆነ በሬ የማይደርስበትን ጥግ መለቅለቅ ትርፉ ድካም ነው።

በጎነ ሦስት ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ክብ ሦስቱንም ጎኖች የሚነካው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንዱን ጎን የማይነካ ክብ ወደዚያ ጎን ትንሽ ገፋ አድርገህ ማስፋት ትችላለህ። ሦስቱንም ሲነካ ግን መሄጃ የለውም። የዚህን ክብ ሬዲየስ ነው r ያልነው። A የመሬቱ ስፋት ነው። s ደግሞ የዙሪያው ግማሽ ነው፣ ሦስቱ ጎኖች ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ማለት ነው።

አሁን ለምን ስፋትን ለግማሽ ዙሪያ እንደምናካፍል እንይ። እዚህች ላይ ረጋ በሉልኝ፣ ይህን ያየ ሰው ፎርሙላውን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። ጎነ ሦስት ሳሉ፤ የውስጡን ክብ ሳሉ። ከክቡ መሃል ወደ ሦስቱ ማዕዘኖች መስመር አስምሩ። ትልቁ ጎነ ሦስት ሦስት ትናንሽ ጎነ ሦስቶች ሆኖ ተከፈለ አይደል? የእያንዳንዱ ትንሽ ጎነ ሦስት መቀመጫ ከትልቁ ጎኖች አንዱ ነው። ቁመቱስ? ከመሃሉ እስከዚያ ጎን ያለው ቀጥ ያለ ርቀት ነው። ክቡ ጎኑን በሚነካበት ቦታ ሬዲየሱ ጎኑ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚያርፍ፣ ያ ቁመት ሬዲየሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ትናንሾች መቀመጫቸው ቢለያይም ቁመታቸው አንድ ነው፣ r።

የጎነ ሦስት ስፋት የመቀመጫና የቁመት ብዜት ግማሽ ነው። ሦስቱን ስትደምሩ፣ ግማሽ እና r በሁሉም ውስጥ ስላሉ ወጥተው ይቆማሉ፤ ውስጥ የሚቀረው የጎኖቹ ድምር ነው፦

A = ½ · r · (a + b + c) = r · s

አለቀ። ዙሪያውን እንደ መቀነት ፈታችሁ መሬት ላይ በአንድ መስመር ብትዘረጉት፣ መቀመጫው ሙሉው ዙሪያ፣ ቁመቱ r የሆነ አንድ ረጅም ጎነ ሦስት ስፋቱ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። «ግማሽ» የምትለዋ ቃል የመጣችው ከዚያች ከጎነ ሦስት ስፋት ግማሽ ነው እንጂ ከሌላ ከየትም አይደለም። ይህን ያላየ ተማሪ ነው ለሙሉው ዙሪያ አካፍሎ የሬዲየሱን ግማሽ ይዞ የሚመጣው።

ወደ መሬታችን እንመለስ። ስሌቱ እንዲቀላችሁ ሴንቲሜትሮቹን አራግፌ ቁጥሮቹን አስተካክያቸዋለሁ፦ በአስፋልቱ በኩል 14 ሜትር፣ በቦዩ በኩል 15 ሜትር፣ በጎረቤቱ በኩል 13 ሜትር። ዙሪያው 42፣ ግማሹ 21። ስፋቱን ለማግኘት ቁመት መለካት አያስፈልግም፤ ሦስት ጎን ከታወቀ የሄሮን ፎርሙላ አለ፦

A = √(s(s−a)(s−b)(s−c)) = √(21 · 8 · 7 · 6) = √7056 = 84

84 ካሬ ሜትር። 84ን ለ21 ስናካፍል 4 ሜትር። ልጁ ትክክል ነበር።

ሄሮን በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረ የእስክንድርያ ሰው ነው። አዎ፣ ያቺው ለእኛ ለዘመናት ጳጳስ ትልክ የነበረችው እስክንድርያ። «ሜትሪካ» የሚባለው መጽሐፉ ጠፍቶ ኖሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ኢስታንቡል ውስጥ የእጅ ጽሑፉ ተገኘ። እኔን የሚገርመኝ ፎርሙላውን ያረጋገጠበት መንገድ ነው። መጀመሪያ የውስጡን ክብ ይስላል፤ ከዚያ ልክ አሁን እንዳደረግነው ስፋቱ የሬዲየስና የግማሽ ዙሪያ ብዜት መሆኑን ያሳያል፤ ቀጥሎ ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶችን ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኛ ክፍል ውስጥ የሄሮንን ፎርሙላ ለብቻ፣ የውስጡን ክብ ለብቻ እናስተምራለን። ሰውዬው ዘንድ ግን ሁለቱ አንድ ነገር ነበሩ።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ። ችካሉ የት ይተከል?

መጽሐፉ የሚለው «የሦስቱ ማዕዘኖች አካፋዮች የሚገናኙበት ቦታ» ነው። ትክክል ነው። ማዕዘንን እኩል የሚያካፍል መስመር ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም ጎኖች እኩል ይርቃል፤ ሁለት አካፋዮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመ ደግሞ ከሦስቱም እኩል ይርቃል። ወረቀት ላይ ይህን ማየት ቀላል ነው። ከወረቀት ጎነ ሦስት ቁረጡ፤ አንዱን ጎን በሌላው ላይ ልክ እንዲያርፍ አድርጋችሁ እጠፉ፤ የእጥፉ ምልክት አካፋዩ ነው። ከሌላ ማዕዘን ደግሞ ድገሙት። ሁለቱ እጥፋት የተገናኙበት መሃሉ ነው። ግን መሬት አይታጠፍማ!

ለመሬት የሚሆነው መንገድ ከዚያው ከ s የሚወጣ ነው። ክቡ ሦስቱን ጎኖች በሦስት ነጥቦች ይነካል። አንድ ማዕዘን ላይ ቆማችሁ ብታዩ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ የንክኪ ነጥቦች ከእናንተ እኩል ይርቃሉ፤ ከአንድ ነጥብ ወደ አንድ ክብ የሚወጡ ሁለት ነኪ መስመሮች ርዝመታቸው እኩል ነውና። ስለዚህ ሙሉው ዙሪያ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱ ስድስት ቁራጮች ነው። ግማሽ ዙሪያው ደግሞ ከየጥንዱ አንድ አንድ ተወስዶ የሦስቱ ድምር ነው። ከዚያ የአንዱን ሙሉ ጎን ስትቀንሱ፣ ከዚያ ጎን ፊት ለፊት ካለው ማዕዘን የሚነሳው ቁራጭ ይቀራል። ማለትም ከአንድ ማዕዘን እስከ ንክኪው ያለው ርቀት s ሲቀነስ ፊት ለፊት ያለው ጎን ነው። እነዚያ ሄሮን ፎርሙላ ውስጥ የነበሩት 8፣ 7 እና 6 ዝም ብለው የመጡ ቁጥሮች አልነበሩም፤ መሬቱ ላይ በእግር የሚለኩ ርቀቶች ናቸው።

በስልክ እንዲህ አልኩት። አስፋልቱና ቦዩ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቁም። ፊት ለፊትህ ያለው የጎረቤት ጎን 13 ነው፣ 21 ሲቀነስ 13፣ 8። በአስፋልቱ በኩል 8 ሜትር ለካና ምልክት አድርግ፣ በቦዩም በኩል 8 ሜትር ለካና ምልክት አድርግ። ከዚያ አስፋልቱና ጎረቤቱ የሚገናኙበት ሂድ። እዚያ 21 ሲቀነስ 15፣ 6 ነው። በአስፋልቱ በኩል 6 ስትለካ ቅድም ያደረግከው ምልክት ላይ ነው መምጣት ያለብህ፤ 8 እና 6፣ 14። ካልመጣህ ወይ ገመዱ ተስቧል ወይ ጎኑን ስትለካ ጎብጦብሃል፤ እዚያው ቁምና እንደገና ለካ። በሦስተኛው ማዕዘን ደግሞ 7 ነው።

ሦስቱ ምልክቶች ከተገኙ በኋላ ከአንዱ ምልክት ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ 4 ሜትር መግባት ብቻ ነው። ቀጥ ለማለት ያው የግንበኞች ዘዴ አለ፣ 3፣ 4፣ 5። በ12 ሜትር ገመድ ላይ በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ቋጠሮ ይደረግና ሲወጠር ቀጤ ማዕዘን ይሰጣል። (በነገራችን ላይ የዚህች ጎነ ሦስት ስፋት 6፣ ግማሽ ዙሪያዋም 6 ነው። ስለዚህ የውስጥ ክቧ ሬዲየስ ልክ 1። ትንሽ የምትወደድ ጎነ ሦስት ናት።) የ4 ሜትሩ ጎን ደግሞ ራሱ የምንፈልገው ርዝመት ሆኖ መገኘቱ የልጁ ዕድል ነው። ከዚያ ከመሃሉ ገመዱን ወደ ሌሎቹ ሁለት ምልክቶች አዙሮ ማየት ነው። ሁለቱም ጋ 4 ሜትር ከደረሰ ችካሉ ቦታውን አግኝቷል።

እግረ መንገዳችንን አንድ አቋራጭ ላሳያችሁ። r = A/s ላይ የሄሮንን A ብታስገቡ እንዲህ ይሆናል፦

r² = (s−a)(s−b)(s−c) / s

ስፋቱን ማወቅ እንኳ አላስፈለገም። ሦስቱን የንክኪ ርቀቶች አባዝቶ ለግማሽ ዙሪያ ማካፈል ነው። 8 በ7 በ6፣ 336። ለ21 ሲካፈል 16። ስኩዌር ሩቱ 4። ማሳ ላይ ካልኩሌተር ከሌለ ይህኛው ይሻላል።

በኋላ አባትየው ስልኩን ተቀብለው «አብሽር መምህር፣ ገብቶናል። ግን ልክ ድንበሩን እየነካ አይሆንም፤ ሰው መቆሚያ፣ መንሽ መወርወሪያ ይፈልጋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ድንበሩን የሚነካ አውድማ ላይ ገለባው ጎረቤት ነው የሚያርፈው። ከሦስቱም ጎኖች ግማሽ ግማሽ ሜትር ይቅር ተባባልን። እዚህ ላይ ጂኦሜትሪው ደግ ነው፦ ሁሉም ጎን እኩል ወደ ውስጥ ሲገባ መሃሉ አይንቀሳቀስም። ችካሉ እዚያው ሆኖ ገመዱን ከ4 ወደ 3.5 ሜትር ማሳጠር ብቻ ነው። ከአስፋልቱ በኩል ብቻ አንድ ሜትር ራቅ በሉ ቢባል ኖሮ ግን መሃሉ ይዛወራል፣ ጎኖቹም ያጥራሉ፣ ስሌቱ ከመጀመሪያው ይሠራል።

የቀረው ቦታስ? 4 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ 50 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ84ቱ ስድሳ በመቶ ያህል። የተቀረው ሦስቱ ጥጎች ላይ ነው ያለው። ትልቁ ጥግ የንክኪ ርቀቱ 8 የሆነው፣ አስፋልቱና ቦዩ የሚገናኙበት ነው። ከማዕዘኑ እስከ ክቡ ጠርዝ አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ክምሩ እዚያ ይሁን ተባለ።

አሁን ነገሩ የት የት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ፣ ክፍል ውስጥም የማየው ይኸው ነው። አንዱ ሁለቱን ክቦች መቀላቀል ነው። በሦስቱ ማዕዘኖች በኩል የሚያልፈው የውጭ ክብ ሌላ ነው፤ የሱ ሬዲየስ ሦስቱ ጎኖች ተባዝተው ለስፋቱ አራት እጥፍ ሲካፈሉ ነው። ለኛ መሬት 2730 ለ336፣ ከ8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህን ይዞ አውድማ ያሰመረ ሰው አስፋልቱንም፣ ቦዩንም፣ ጎረቤቱንም በአንድ ጊዜ አልፏል! መለያው ቀላል ነው፦ የውስጡ ክብ ዳያሜትር ከየትኛውም የጎነ ሦስቱ ቁመት ማነስ አለበት። የኛ መሬት ከ15ቱ ጎን ላይ ያለው ቁመት 168 ለ15፣ 11.2 ሜትር ነው፤ ከቁመቶቹም አጭሩ እሱ ነው። ዳያሜትሩ 8፣ ያስኬዳል። 16 ግን የትም አይገባም።

ሁለተኛው የመሬቱ ቅርጽ ነው። እንደኛው ያለ ደልዳላ ጎነ ሦስት ላይ የልኬት ስህተት ብዙ አይጎዳም። 13ቱን 13.1 ብላችሁ ብትለኩ ሬዲየሱ የሚለወጠው በአንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሹል በሆነ መሬት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጎኖቹ 10፣ 10 እና 19.8 የሆነ ቁራጭ አስቡ። ሬዲየሱ 70 ሴንቲሜትር ነው። 19.8ን 19.9 ብላችሁ ከለካችሁት ወደ 50 ሴንቲሜትር ይወርዳል። 20.1 ብላችሁ ከለካችሁትማ ካልኩሌተሩ Math ERROR ይላችኋል፤ ሁለት አጫጭር ጎኖች ተደምረው ከረጅሙ ካልበለጡ ጎነ ሦስት የለምና። ካልኩሌተሩ አልተበላሸም፣ ገመዱ ነው። ችግሩ ያለው s ሲቀነስ ረጅሙ ጎን የሚሰጠው ቁጥር በጣም ትንሽ ሲሆን ነው፤ ያ ቁጥር ከሌሎቹ ሁለቱ በጣም አንሶ ካያችሁት ጎኖቹን ደግማችሁ ለኩ፣ ወይም ቁመቱን በቀጥታ ለክታችሁ ስፋቱን ከሱ አውጡ።

ሦስተኛው አራት ጎን ባለው መሬት ላይ ይህችኑ ፎርሙላ መጠቀም ነው። 10 በ20 የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ ስፋቱ 200፣ ግማሽ ዙሪያው 30 ነው። ሲካፈል 6.67 ይመጣል። ነገር ግን ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ከ5 ሜትር በላይ ሬዲየስ ያለው ክብ እንዴት ይገባል? ማረጋገጫችን ላይ ያለው ሐሳብ «አንድ ክብ ሁሉንም ጎኖች ይነካል» የሚል ነበር። ጎነ ሦስት ላይ ሁሌም እንዲህ ያለ ክብ አለ። አራት ጎን ላይ ግን የሚኖረው የፊት ለፊት ጎኖች ድምር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ለካሬ ይሠራል፤ 10 በ10 ከሆነ 100 ለ20፣ ልክ 5። 10 በ20 ላይ ግን 10 እና 10፣ 20 ነው፤ 20 እና 20 ደግሞ 40። ስለዚህ አይሠራም።

እንግዲህ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጡ የነበራችሁት፣ ይህችን ሥሩልኝ። መሬቷ ሹል ናት፤ ጎኖቿ 9፣ 10 እና 17 ሜትር። የውስጥ ክቧ ሬዲየስ ስንት ነው? በ17ቱ ጎን ላይ ክቡ የሚነካው ከ9ኙ ጎን በኩል ካለው ጫፍ ስንት ሜትር ላይ ነው? ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ናቸው፣ ካልኩሌተር አታውጡ። መልሱን ብቻ ሳይሆን ችካሉን እንዴት እንደምትተክሉት ጭምር ጻፉልኝ።